በቆሎው በነፋስ፣ ዱባው በንብ

በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት፣ ከእንጦጦ ጫካ ሥር ባሉት ጓሮዎች፣ በቆሎና ዱባ አንድ መደብ ተጋርተው ሲያድጉ ማየት የተለመደ ነው። የሁለቱ ዕድል ግን አንድ የማይሆንበት ዓመት አለ። በቆሎው እሸቱን አሳምሮ ሲሰጥ፣ ዱባው በቢጫ አበባ አጊጦ ከሰነበተ በኋላ እንቁላል እንኳ የማያኽሉት ፍሬዎቹ እየጠወለጉ ይረግፋሉ። ያን ጊዜ ባለጓሮዋ «ዐይን በላብኝ» ትላለች፤ ዐይኑ የማን እንደ ሆነ ለመገመትም ብዙ አትቸገርም። ጎረቤቷን ከመጠርጠሯ በፊት ግን አንድ ቀን ማልዳ ተነሥታ አበባውን ብትመለከት ይሻላል።

ሁለቱ ተክሎች ወንዴና ሴቴ አበባቸው በአንድ ግንድ ላይ፣ ነገር ግን ለየብቻ በመብቀሉ ይመሳሰላሉ። ፍሬ ይያዝ ዘንድ የወንዴው ብናኝ ከሴቴው አበባ መድረስ አለበት። የሚለያዩት በአመላላሹ ነው።

የበቆሎ ወንዴ አበባ በአናቱ ላይ ተዘርዝሮ የሚወጣው ነው። ብናኙ ደረቅና የማይጣበቅ ሲሆን፣ ከአንዱ አገዳ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ይበተናል። አብዛኛው መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል፤ የነፋስ ሥራ እንዲህ አባካኝ ነው። ሴቴዋ ከእሸቱ ጫፍ ጢሟን አውጥታ ትጠብቃለች። እያንዳንዱ የጢም ክር የሚያመራው ወደ አንዲት ፍሬ ስለ ሆነ፣ ብናኝ ያልደረሰው ክር በቆረቆንዳው ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ጥርሱ የወላለቀ የሚመስል እሸት የሚገኘውም ብዙ ጊዜ በአጥር ሥር በአንድ መስመር ከተዘራ በቆሎ ነው፤ ነፋሱ ብናኙን ወደ ጎን ይዞት ይሄዳልና። ያንኑ ዘር በአራት አጫጭር መስመሮች አቀራርቦ መዝራት ይረዳል። ንብ ኖረች አልኖረች ግን ለበቆሎው ጉዳዩ አይደለም።

የዱባው ብናኝ ግን ትልልቅ፣ ቅባት ያለውና ተጣባቂ ነው። ነፋስ አያነሣውም። የሚያመላልሰው የአበባውን ጣፋጭ ውሃ ፍለጋ ከወንዴው ወደ ሴቴው የምትዞር ንብ ናት። ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ የመሰለ እንቡጥ ስላላት ትለያለች። አበባው ንጋት ላይ ተከፍቶ ከቀትር በፊት ይዘጋል፤ በማግስቱም አይከፈትም። በአንድ ዱባ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ፍሬ ሊኖር ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱም አንድ የብናኝ ቅንጣት ስለሚያስፈልግ፣ ንብ አንድ ጊዜ ብቻ ዐርፋ ብትሄድ አይበቃም። ብናኝ ጨርሶ ያልደረሰው ይረግፋል። ጥቂት የደረሰው ይያዛል፤ ግን ትንሽ ወይም ጎባጣ ይሆናል። ሲቈረጥም ባልዳበረው ወገን ያለው ፍሬ ስስና ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩን ለማረጋገጥ፣ በማግስቱ ሊከፈቱ ከተቃረቡት ሴቴ አበቦች አንዱን በዋዜማው ማታ ስስ ሻሽ አልብሶ ማሰር ነው፤ ነፋስ ያስገባል፣ ንብ ግን አያስገባም። ሌላውን እንዳለ መተው ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ጧት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የወንዴውን አበባ ቅጠል ገፎ መካከሉን በሴቴዋ መካከል ላይ በቀስታ ማሸት ነው። ሻሽ የለበሰው ይረግፋል። እንዳለ የተተወውም ረግፎ በእጅ የታሸው ብቻ ቢያብጥ የጎደለው ንብ ነው። የታሸውም ከረገፈ ግን ምክንያቱን ከውሃው፣ ከአፈሩ ወይም ቀድሞ ፍሬ ከተሸከመው ሐረግ መፈለግ ነው። አንድ ሐረግ ላይ ብቻ አይቶ መፍረድ ስለማይገባ፣ ሙከራውን በሁለት ሦስት ሐረግ መድገም ደግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወንዴ ብቻ ማበቡም የተለመደ ስለ ሆነ አያስደነግጥ።

ንብ ለምን ትጎድላለች? በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ብርድ ያለበት ጧት ንብ ከቀፎዋ እምብዛም አትወጣም፤ አበባው ደግሞ አይጠብቃትም። አበባው በተከፈተበት ሰዓት የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰውም አመላላሾቹን በገዛ እጁ ይገድላል። የሚረጨው ማታ ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም፣ አንዳንዱ መድኃኒት እስከ ማግስቱ ይቈያልና። ዱር ንቦችም አሉ፤ ብዙዎቹ ጎጆአቸውን መሬት ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ጓሮው በሲሚንቶ ሲሸፈን ቤታቸው አብሮ ይዘጋል።

ንብ ብትቀንስ እንጀራ ይጠፋል የሚሉ አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ጤፍና ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ አበባቸው ብናኝ ስለሚያፈሩ የንብን እጅ አይጠብቁም። የሚጎዳው ዘይቱ ነው። ኑግ ከራሱ ተክል የመጣውን ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ ተክል እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ ይህንንም በአብዛኛው የምታደርስለት ንብ ናት። ንብ ያልዞረበት የኑግ ማሳ ሲያብብ ከሌላው አይለይም፤ ከተወቃ በኋላ ግን ፍሬው ጥቂት፣ ከዚያም ብዙው ገለባ ይሆናል። የጓሮን ዱባ በእጅ ማሸት ይቻላል፤ የጎጃምን የኑግ ማሳ ግን አንድ በአንድ የሚያሽ እጅ የለም።