ሠላሳ ወጣ፣ ሃያ ሦስት ወረደ፤ ሰባቱስ የት ገባ?

አየር ጤና አደባባይ ዙሪያ በየመብራት እንጨቱ የሚለጠፈውን የአስጠኚ ማስታወቂያ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ስንት ይሆን? «የልጅዎን ውጤት በ30% እናሳድጋለን» የሚል ዓይነት ነው፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ «የሚከራይ ሰርቪስ ቤት»። ቤት ፈላጊው ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ታውቋል፦ ኪራዩ ስንት ነው፣ ውኃ አለው ወይ። ልጁን የሚያስጠናለት የሚፈልገው ወላጅ ግን ለምንድን ነው «ሠላሳው የምን ሠላሳ ነው?» ብሎ የማይጠይቀው?

እስኪ ነገሩን በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ካርድ ላይ እናስቀምጠው። በአንደኛው ሴሚስተር ሒሳብ 40 አመጣ። እናት ደነገጠች፣ አስጠኚ ቀጠረች፣ በየወሩ ከፈለች። በሁለተኛው ሴሚስተር 52 መጣ። አስጠኚው «እትዬ፣ እንዳልኩዎት በ30 ፐርሰንት አድጓል» ይላል። እናትየው ካርዱን ገልበጥ ታደርግና «መምህር፣ ሠላሳ ከጨመረማ ሰባ መሆን አልነበረበትም?» ትላለች።

ማነው የዋሸው? ማንም። ከ40 ወደ 52 ያለው ልዩነት 12 ነው፤ 12 ለ40 ሲካፈል ደግሞ 0.30፣ ማለትም 30 በመቶ ይሆናል። የአስጠኚው ስሌት እንከን የለውም። እናትየውም አልተሳሳተችም፤ ካርድ ላይ ያለ ማርክ ከመቶ የሚታሰብ ነውና «30 በመቶ ጨመረ» ስትባል በ40 ላይ 30 ደመረች። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቃል ሁለት ነገር እየቆጠሩ ነው። አስጠኚው ልጁ ከነበረበት አንጻር በምን ያህል እንዳደገ ይናገራል፤ እናትየው ከመቶው መሰላል ላይ ስንት ደረጃ እንደወጣ ትጠይቃለች። ይኸኛውን ስታቲስቲክስ የሚሠሩ ሰዎች የመቶኛ ነጥብ ይሉታል፤ እኛም እዚህ «ነጥብ» እንበለው። ልጁ የወጣው 12 ነጥብ ነው።

ታዲያ አስጠኚው ለምን 12 አላለም? ለእናትየው ዋናው ነገር ልጇ የ50ን ማለፊያ መሻገሩ ነበር፤ 12ቱ ያንን አድርጓል፤ የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም። ቢሆንም 30 ከ12 ይበልጣል፤ ማስታወቂያ ላይም ያምራል።

አሁን የባሰውን እንጠይቅ። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ሰነፈና ከ52 ወደ 40 ተመለሰ እንበል። ይህስ በምን ይነገር? በራሱ በአስጠኚው መለኪያ ከሄድን 12 ለ52 ተካፍሎ 23 በመቶ ገደማ ወርዷል። እንግዲህ 30 በመቶ ወጣ፣ 23 በመቶ ወረደ። ሰባቱ የት ገባ? ልጁ በሰባት አትርፎ መገኘት አልነበረበትም? ካርዱ ግን 40 ይላል፤ በተነሣበት ቦታ ቆሟል። የጠፋ ነገር የለም። መውጣቱ የተለካው ከ40 አንጻር ነው፣ መውረዱ የተለካው ከ52 አንጻር፤ መነሻቸው የተለያየ ሁለት በመቶዎችን አንዱን ከሌላው መቀነስ አይቻልም። ነጥብ ግን ይቀናነሳል፦ 12 ወጣ፣ 12 ወረደ፣ ዜሮ።

እስቲ ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ ውጤት በወረደ ጊዜ «23 በመቶ ወረደ» የሚል አስጠኚ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ያኔ «አሥራ ሁለት ማርክ ብቻ ነው የቀነሰው፣ ይስተካከላል» ነው የሚባለው። ሲወጣ በበመቶ፣ ሲወርድ በነጥብ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ነው?

አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ራሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ከመቶ በሚታረም ፈተና የማንም ልጅ መነሻ ከ100 አይበልጥም። ልዩነቱን ከ100 ላነሰ ቁጥር ስታካፍሉት ደግሞ የሚወጣው በመቶ ምንጊዜም ከነጥቡ ይበልጣል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት መነሻው ራሱ 100 ከሆነ ብቻ ነው፤ 100 ያመጣ ተማሪ ደግሞ መሄጃው ወደ ታች ብቻ ነው። ስለዚህ ለውጡን ማጋነን የፈለገ ሰው የትኛውን እንደሚያነሣ፣ ማሳነስ የፈለገም የትኛውን እንደሚያነሣ ቀድሞ ያውቀዋል። መነሻው ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ፊዚክስ ከ8 ወደ 16 የሄደ ልጅ በመቶ በመቶ አደገ ይባላል፤ ከ88 ወደ 96 የሄደው በ9 በመቶ ብቻ። ሁለቱም 8 ነጥብ ነው የወጡት። የመጀመሪያው «መቶ በመቶ» አድጎም ወድቋል። ፖስተር ላይ ፎቶው የሚወጣው የትኛው ነው?

የክፍል ፈተና ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ይባዛል። ከ20 የሚታረም ቴስት ላይ 10 ያመጣ ልጅ በቀጣዩ 12 ቢያመጣ ስንት ጨመረ? ወረቀቱ ላይ 2 ማርክ። ከመቶ ሲሰላ ከ50 ወደ 60፣ ማለትም 10 ነጥብ። ከነበረበት አንጻር 20 በመቶ። መምህሩ ያንን ቴስት ለሴሚስተሩ ከ10 ብቻ የሚይዘው ከሆነ ደግሞ 5 የነበረው 6 ሆነ፤ ካርዱ ላይ የሚታየው 1 ነው። ሃያ፣ አሥር፣ ሁለት፣ አንድ፤ አራቱም እውነት ናቸው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «በ20 በመቶ ተሻሽሏል» ተብሎ የተጨበጨበለት ልጅ ሰኔ ላይ ካርዱ ሲመጣ አንድ ብቻ ቢጨምር፣ ወላጁ ተታለልኩ ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገሩ የሰፈር አስጠኚ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናልፈው ነበር። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ግን ያው ግራ መጋባት በአገር ደረጃ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 674,823 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 36,409 ነበሩ፤ 5.4 በመቶ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። ታክሲ ውስጥ፣ ሬዲዮ ላይ፣ ሻይ ቤት ምን ይባላል? «የአላፊው ቁጥር 3 ፐርሰንት ጨመረ»።

እውን 3 ፐርሰንት ነው? የተባለውን ቃል በቃል እንውሰደው። የ5.4 ሦስት በመቶ 0.16 ነው፤ ቢደመር 5.56 ይሆናል። በዚህ ቢሄድ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. የሚያልፉት 32,600 ገደማ ተማሪዎች ነበሩ። ያለፉት 48,929 ናቸው። በአንድ የተዛባ ዐረፍተ ነገር ከ16 ሺህ በላይ ልጆች ከውጤት ሰሌዳ ላይ ተፋቁ። ትክክለኛው አባባል «የማለፍ ምጣኔው በ3 ነጥብ ከፍ አለ» ነው፤ በበመቶ ይነገር ከተባለ 55 በመቶ ገደማ አድጓል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ሦስተኛ ቁጥርም አለ። «የአላፊው ቁጥር» ሲባል ሰዎቹ ከሆኑ የሚቆጠሩት፣ ከ36,409 ወደ 48,929 የሄደው በ34 በመቶ ነው እንጂ በ55 አይደለም። ለምን ተለያየ? የተፈታኙ ብዛት ራሱ በ13 በመቶ ስለቀነሰ። ምጣኔው የወጣው አላፊው ስለበዛ ብቻ አይደለም፣ የሚካፈልበት ሕዝብም ስላነሰ ነው። እንግዲህ የትምህርት ቤት ባለቤት ቢሆኑ ከ3፣ ከ34 እና ከ55 የትኛውን በር ላይ ይሰቅላሉ? የተቃዋሚ ጋዜጠኛ ቢሆኑስ? መልሱ የሚለያይ ከሆነ ቁጥሩን የሚመርጠው ሒሳቡ ነው ወይስ ፍላጎታችን?

ባለሙያ ነን የሚሉትም ከዚህ አያመልጡም። «ከ5.4 ወደ 8.4» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ቦታ «በ55% አደገ» ከሚለው በስንት ፊደል ይበልጣል? መነሻውና መድረሻው ከተነገረ የቀረውን አንባቢ ራሱ ያወጣዋል፤ ካልተነገረ ግን የትኛው በመቶ እንደተባለ የሚያውቀው ተናጋሪው ብቻ ነው። ዕድገት የሚያወራ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ደብቆ ልዩነቱን ብቻ ሲሰጣችሁ፣ የደበቀው ለማሳጠር ነው ትላላችሁ?

ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ ፌዙ ያበቃል። «ውጤቱ በ20 በመቶ ካልጨመረ ክፍያዎን እንመልሳለን» የሚል ቃል የገባ አስጠኚ አለ እንበል። የልጁ አማካይ 55 ነው። በአንዱ አቆጣጠር የሚጠበቅበት 66 ነው፤ 55 ላይ የራሱ 20 በመቶ 11 ተደምሮ። በሌላው 75 ነው፤ 20 ነጥብ ተደምሮ። ልጁ 68 አመጣ። አስጠኚው ቃሌን ጠብቄአለሁ ይላል፤ አባት ሰባት ይቀርሃል፣ ገንዘቤን መልስ ይላል። ሁለቱን የሚዳኝ ሽማግሌ ከየት ይጀምራል? የወረቀቱን ሃያ ቢያነብ አንዱንም አይነግረውም። ስምምነቱ ላይ «ከ55 ወደ 66» ወይም «ከ55 ወደ 75» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ሽማግሌም ባላስፈለገ።

አስጠኚው የትኛውን እንዳሰበ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ «የኔ ልጅ ስንት ካመጣ ነው ገንዘቤን የማትመልስልኝ?» መልሱ አንድ ቁጥር መሆን አለበት። «እንደ ልጁ ነው» ከተባለ ወደ ሌላው እንጨት መሄድ ነው።

አማካዩ 85 የሆነ ልጅ እናት መጥታ ይህንኑ ብትጠይቀውስ? በአንዱ ስሌት ልጇ 102 ማምጣት አለበት፣ በሌላው 105። አስጠኚው ያንን ልጅ ይመዘግበዋል ወይስ «እትዬ፣ ለእርሱ አስጠኚ አያስፈልገውም» ብሎ ይሸኛታል?