ከመጨረሻው ስላይድ ይጀመር

ሰሞኑን አውቶቡስ ተራ አካባቢ ባሉ የቴሌግራም ግሩፖች የአንድ አስጠኚ ማስታወቂያ ሲዘዋወር ሰንብቷል። በጣት እየተገፉ የሚነበቡ አምስት ስላይዶች ናቸው። የመጀመሪያው የቅዳሜና እሁድ የ12ኛ ክፍል የፈተና ዝግጅት መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲቲዩድ ይዘረዝራል። ከዚያ ሰዓት፣ ከዚያ ክፍያ፣ በመጨረሻም «የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በነፃ»። ወላጅ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው አራተኛው ስላይድ ላይ ነው። እኔ ግን ወላጅም አስጠኚውም ከአምስተኛው ቢጀምሩ እላለሁ።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ቁጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ ያም ቢሆን ከአሥራ ሁለት ተፈታኝ አንድ ያህሉ ብቻ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ «መቶ በመቶ እናሳልፋለን» የሚል ስላይድ ለቤተሰብ ምንም አይነግርም። ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ልጁ ዛሬ የት ላይ እንደቆመ ነው። ይህን ሊያሳይ የሚችለው ደግሞ የሙከራው ክፍለ ጊዜ ነው።

የሙከራ ክፍለ ጊዜ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ጎበዙ መምህር ይመጣል፣ የሚያምር ርዕስ ይመርጣል፣ ሰሌዳውን ሞልቶ ያስረዳል፤ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። መምህሩ ጎበዝ መሆኑ ታየ እንጂ የልጁ ክፍተት አልታየም። በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረውም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከሙከራው በፊት የማይመለስ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚጠየቅ ከሆነማ ሙከራ መባሉ ቀርቶ ምዝገባ ቢባል ይሻላል።

ጥሩ ሙከራ ወረቀት ነው። ካለፉት ዓመታት ፈተናዎች ሃያ ጥያቄ ተመርጦ በአርባ ደቂቃ ይሰጣል፤ ጥያቄዎቹ ልጁ አሁን በሚማርበት መጽሐፍ ውስጥ ያሉ መሆናቸውን መምህሩ አስቀድሞ ያጣራል፤ ከቆየው ሥርዓተ ትምህርት የተገለበጠ ጥራዝ ገበያው ላይ ሞልቷልና። ጥያቄው አራት ምርጫ ካለው ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ልጅ እንኳ በአማካይ አምስቱን ያገኛል። ስለዚህ ውጤቱ ብቻውን ያታልላል። ልጁ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ «ሠራሁት» ወይም «ገመትኩት» ብሎ ይጻፍ፣ ስሌቱንም እዚያው ወረቀት ላይ ያሳይ።

እንዲህ ያለ አንድ የፊዚክስ ወረቀት አይቻለሁ። ልጁ ከሃያ ዘጠኝ አግኝቷል። ከዘጠኙ አራቱ ግምት ናቸው፤ የሚያውቀው አምስት ነው። ከተሳሳታቸው አንዱ ጥያቄ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ይዞ በ4 ሰከንድ ቢቆም ፍጥነቱ በየሰከንዱ ስንት ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል ይላል። ልጁ 72ን ለ4 አካፍሎ 18 አለ። 18 ከምርጫዎቹ አንዱ ነበር፤ ፈተና አውጪ እንዲህ ያለውን ስህተት አስቀድሞ ያውቀዋል። መጀመሪያ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 20 ሜትር በሰከንድ መለወጥ ነበረበት፤ ከዚያ 20 ለ4 ሲካፈል 5 ይመጣል። ልጁ ማካፈሉን ያውቃል፣ የፍጥነት ለውጥ ምን እንደሆነም ያውቃል፤ የጎደለው መለኪያ መለወጥ ነው። ከአሥራ አንዱ ስህተቶች ስድስቱ ከዚሁ ዓይነት ነበሩ። ሦስቱ ደግሞ እንግሊዝኛውን አጣሞ በማንበብ የመጡ ናቸው፤ ያልተማረው ነገር ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር። ለዚህ ልጅ ፊዚክስን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መድገም ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። መለኪያ መለወጥን እስኪለምደው ቢሠራና ጥያቄ ማንበብን ቢለማመድ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ክፍያው ስላይድ እንመለስ። በወር 1,600 ብር ይላል፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ እሁድ ሁለት ሰዓት። ስምንት ክፍለ ጊዜ ማለት 16 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ በ100 ብር ይመጣል። የፋሲካ ቅዳሜና እሁድ ሲዘጋ 12 ሰዓት ይቀራል፣ ሰዓቱም ከ133 ብር ያልፋል። ደግሞ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ አንዳንዱ ወር አምስት ቅዳሜ አለው። ስለዚህ «በወር» ከማለት «ለስምንት ክፍለ ጊዜ» ማለት ለሁለቱም ወገን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከብሩ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ሰዓቱ ነው። 16 ሰዓት ለስድስት ትምህርት ሲካፈል ለአንዱ ትምህርት በወር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ከምዕራፍ ርዕስ በላይ መንካት አይቻልም። ክፍሉ ውስጥ 40 ልጅ ካለማ መምህሩ ሁለቱን ሰዓት ለጥያቄ ብቻ ቢሰጥ እንኳ ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ነው። የተማሪው ብዛት ግን ከአምስቱ ስላይዶች በአንዱም ላይ አልተጻፈም። እኔ ብሆን ልጁ በሙከራው ወረቀት በደከመባቸው ሁለት ትምህርቶች ብቻ እንዲመዘገብ አደርጋለሁ፤ ያኔ ለእያንዳንዱ ስምንት ሰዓት ይኖረዋል።

የሰዓቱ ስላይድ «እሁድ 8:00 – 10:00» ይላል፣ ሌላ ምንም። የልጆቹ ስልክ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ ግማሾቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደርሰው የተዘጋ በር ያገኛሉ፤ ሌሎቹ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። «ከሰዓት በኋላ» የሚል ሐረግ ቢጨመርበት ይበቃ ነበር። ቅዳሜንም በተመለከተ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ሊያስብበት ይገባል። መርካቶ ውስጥ ቅዳሜ ዋናው የገበያ ቀን ነው፤ የነጋዴው ልጅ ሱቅ ይፈለጋል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የተቀመጠ ክፍለ ጊዜ እነዚህን ልጆች በየሳምንቱ ያጣቸዋል። አምሽቶ ቢሆን ደግሞ በጨለማ ታክሲ የሚጠብቁት ሴቶቹ ልጆች ናቸው። እሁድ ሱቁ ሲዘጋ፣ ቅዳሴም ካበቃ በኋላ ያለው ከሰዓት ለዚህ ሰፈር የተሻለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ስላይዶች አብረው አይጓዙም። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤቴ ስልኳን ሰጥታኝ «እስቲ ይቺን እይልኝ፣ የት ነው ቦታው?» አለችኝ። የደረሳት የክፍያው ስላይድ ብቻ ነበር፤ እህቷ ከአምስቱ መርጣ የላከችላት። ቦታም፣ ስልክም፣ የሚጀመርበት ቀንም የለበትም። አውቶቡስ ተራ ሰፊ ነው፤ «መናኸሪያው ፊት ለፊት» ቢባል እንኳ ብዙ ሕንፃ ይገልጻል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስላይድ ግርጌ ላይ የሕንፃው ስም፣ ፎቁ፣ ስልኩና የሚጀመርበት ቀን በትንሽ ፊደል ቢደገም ብቻውን የተላከውም ሥራውን ይሠራል።

አስጠኚው ማስታወቂያውን እንደገና ሲሠራው አምስተኛውን ወደ መጀመሪያ አምጥቶ እንዲህ ቢጽፍ እመኛለሁ፦ «እሁድ ከሰዓት በኋላ 8፡00 ነፃ የሙከራ ፈተና፤ ሃያ ጥያቄ፣ 40 ደቂቃ። ታርሞ እዚያው ይመለሳል፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለተማሪውም ለወላጁም ይነገራል። ፈተናውን የሚያርመው መምህር ራሱ ያስተምራል። በአንድ ክፍል ከ15 ተማሪ አይበልጥም። ክፍያ ከሙከራው በኋላ።» ይህን ያነበበ ወላጅ ብር ከማውጣቱ በፊት የልጁን ወረቀት በእጁ ይይዛል፤ ሌላ አስጠኚ ቢመርጥ እንኳ ወረቀቱ እዚያም ይጠቅመዋል።