«ኤአይ ነው» ማለት ማጣራት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የዜና ገጽ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ በረዶ የመታውን ጤፍ ፎቶ ለጥፎ ነበር። ገበሬው የወደቀውን ጤፍ በእጁ ይዞ ቆሟል። ኮሜንቱ ግን ግማሹ «ኤአይ ነው፣ ጣቱን ቁጠሩት» ነው። ከጻፋችሁት ውስጥ እኔ ያስተማርኳችሁ አላችሁ፤ ስም አልጠራም። እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ማሳውንም ሄጄ አይቻለሁ። የዓመት ልፋቱን በረዶ ወሰደበት፣ እናንተ ደግሞ ውሸታም አላችሁት።

ጣቱ ለምን የተጣበቀ መሰለ? ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ ይጨመቃል። አንዱ ስክሪንሾት አንስቶ መልሶ ሲልከው እንደገና ይጨመቃል። አራት አምስት ስልክ ከዞረ በኋላ ጣት ከጣት ይቀላቀላል፣ የታፔላ ጽሑፍም አይነበብም። ማሽን በሠራው ፎቶ ላይ የምንፈልገውም ምልክት ይኸው ነው፦ የተዋሃደ ጣት፣ የእኛን ፊደል መስሎ ምንም የማይል ጽሑፍ። ታዲያ በደበዘዘ ፎቶ ላይ ጣት ቆጥራችሁ እንዴት ትፈርዳላችሁ? ጥርት ባለው ላይ እንኳ መሣሪያዎቹ በተሻሻሉ ቁጥር ምልክቱ እየጠፋ ነው።

ግንቦት 14 ቀን 2015 ፔንታጎን አጠገብ ፍንዳታ ደረሰ የሚል ፎቶ ዓለምን አዳርሶ ነበር። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሳይቀር ለጥቂት ደቂቃ ወረደ። አጥሩን አጉልቶ ያየ ሰው ብረቱ ከፊቱ ካለው የሰው ማገጃ ጋር ሲቀልጥ አገኘው። እሺ፣ ይሄ ምልክት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሕንፃው ራሱ ፔንታጎንን አለመምሰሉ ነው። በዚያ ላይ ሺዎች በሚሠሩበት ቦታ ከሌላ አቅጣጫ የተነሳ አንድ ሁለተኛ ፎቶ የለም። የአካባቢው እሳት አደጋም ወዲያው ፍንዳታ የለም አለ።

እኛስ ይሄን ማድረግ ያቅተናል? ከጀርባ ያለው ተራራ የት ነው? ሌላ ስልክ ያነሳው አለ? እዚያ ዘመድ ያለው ማን ነው? አንድ ስልክ መደወል እኮ ነው!

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘርፈዋል፣ ነደዋል። ያኔ እንዲህ ያለ ፎቶ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚሠራ ማሽን በእጃችን አልነበረም። ዛሬ ቢሆን አንዱ ያልነደደ ቤተ እምነት ነዶ የሚያሳይ ፎቶ ሠርቶ እውነተኛውን ያስነድዳል። የነደደበት ሰው ፎቶውን ሲያወጣ ደግሞ አቃጣዩ «ኤአይ ነው» ብሎ ይገላገላል። ይህችን መልስ እናንተ ናችሁ እያለማመዳችሁለት ያላችሁት።

የገበሬው ፎቶ አሁንም እዚያው ገጽ ላይ አለ። የጻፋችሁትን ዝም ብላችሁ አታጥፉት፤ ከሥሩ «ተሳስቻለሁ» በሉበት። ልጁ ኮሜንቱን አንብቦለታል።