ዘር በሚያዝያ አይጠየቅም፦ የአቦቦ ወረዳ የበቆሎ ዘር ፍላጎት መቼና እንዴት ለአቅራቢ መድረስ አለበት?

በአቦቦ ወረዳ በቆሎ የሚዘራው ዝናቡ ሲጀምር፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ዘሩ ግን በዚያ ወቅት አይመረትም። የዲቃላ በቆሎ ዘር የሚያባዙ ድርጅቶች በአብዛኛው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ዘርተው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበስባሉ። ከዚያ ዘሩ ይበጠራል፣ የብቅለት መጠኑ ይፈተሻል፣ በመድኃኒት ይታሻል፣ ይታሸጋል። በመጋቢት ወደ ጋምቤላ የሚጫነው ዘር ማሳ ላይ የዋለው ከአሥር ወር ገደማ በፊት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ፍላጎት የሚገለጽበት ጊዜ የሚያስገኘውን ነገር ይወስናል። ከሰኔ በፊት የደረሰ ትንበያ አባዡ መነሻ ዘርና ማሳ እንዲያዘጋጅ ያደርጋል። በጥር የደረሰው የተመረተውን ዘር ለመከፋፈል ብቻ ያገለግላል። በሚያዝያ የደረሰው ደግሞ የተረፈ ካለ መጠየቅ ነው።

በተለመደው አሠራር የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በየቀበሌው የአርሶ አደሩን ፍላጎት ይመዘግባሉ። መረጃው በወረዳ ተደምሮ ወደ ክልልና ወደ ግብርና ሚኒስቴር ያልፋል፤ ከዚያም ለዘር አምራቾች ይደርሳል። የዚህ ሰንሰለት ደካማ ጎን ምዝገባው ገንዘብ የማያስይዝ መሆኑ ነው። እጥረት ያጋጠመው በቀጣዩ ዓመት አብዝቶ ይጠይቃል፣ ከዚያም ሁሉንም አይገዛም። ሳይነሳ የቀረ ዘር የተሸከመ አምራች ደግሞ የሚቀጥለውን ቁጥር አያምንም፤ ቀንሶ ያመርታል። አንድ ወረዳ በአንድ ዓመት ትርፍም እጥረትም የሚያይበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአቦቦ የሚገኝ አንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለፈው ወቅት 60 ኩንታል ዲቃላ ዘር ሸጦ ጨርሷል እንበል። ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ ግራም ስለሚያስፈልግ ይህ 240 ሄክታር ይሸፍናል። ይሁንና ሽያጩ ፍላጎቱን በሙሉ አያሳይም፤ ዘሩ ካለቀ በኋላ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ አሉ። እነዚህ 40 አርሶ አደሮች ሆነው እያንዳንዳቸው ግማሽ ሄክታር ቢኖራቸው 5 ኩንታል ይጨመራል። ሌሎች ደግሞ 80 ሄክታር አዲስ መሬት በበቆሎ ለመሸፈን ተመዝግበዋል፤ ይህ 20 ኩንታል ይፈልጋል። ካለፉት ዓመታት መዝገብ እንደዚህ ካሉ ዕቅዶች የሚፈጸመው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ከታየ ግን የሚታሰበው 10 ኩንታል ነው።

ማኅበሩ ለአቅራቢው አንድ ቁጥር ብቻ ቢልክ ይሳሳታል። የሚጠቅመው ሦስቱን ለይቶ ማሳወቅ ነው፦ እርግጠኛው 65 ኩንታል፣ ሊሆን የሚችለው 75፣ ከፍተኛው 85። አቅራቢው 75ቱን ለማምረት፣ ከአንድ ሄክታር ብዜት 25 ኩንታል ቢያገኝ፣ 3 ሄክታር ማሳ ይይዛል። በጥር፣ ምርቱ ሲታወቅ፣ ማኅበሩ ለ65ቱ ቀብድ ከፍሎ በስሙ ያስቀምጣል። ቀሪው 10 ኩንታል እስከ መጋቢት አጋማሽ ብቻ ይጠበቅለታል፤ በዚያ ቀን ካላረጋገጠ አቅራቢው ለሌላ ገዢ ይሸጠዋል። ትንበያ ዘር የሚያስይዘው መጠን፣ ቀብድና የመልቀቂያ ቀን በጽሑፍ ሲሰፍሩ ነው።

85 ኩንታል ጠይቆ ማስያዝ ከችግር የሚያድን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመድኃኒት የታሸ ዘር ካልተዘራ አይበላም፣ ወደ ወፍጮም አይሄድም። ለቀጣዩ ዓመት እንዳይተርፍም የጋምቤላ ቆላ ሙቀትና እርጥበት የብቅለት አቅሙን ያወርደዋል። ከመጋዘን የወጣ የከረመ ዘር ከመሸጡ በፊት 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ማብቀል ጉዳቱን ቶሎ ያሳያል።

የዘሩ ዓይነትም ስሌቱን ይለውጣል። ዲቃላ በየዓመቱ ይገዛል፤ እንደ መልካሳ 2 ያለ በነፃ የሚዳቀል ዝርያ የገዛ አርሶ አደር ግን ከራሱ ምርት ለጥቂት ወቅቶች ዘር መርጦ ሊያስቀር ይችላል። ሁለቱን ደምሮ የተላከ ትንበያ በመጀመሪያው ዓመት ትክክል ሆኖ በሁለተኛው ይስታል።

ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለማኅበራቱ ከዚህ የሚወጣው ሥራ በዚህ ሚያዝያ ይጀምራል። ዘር አልቆ የተመለሰውን አርሶ አደር ስም፣ የፈለገውን ዝርያና መጠን በዚያው ዕለት መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ መዝገብ ከሰኔ በፊት አምራቹ ጋር ከደረሰ ለመጪው ዓመት ማሳ ይያዝበታል፤ ካለፈ ግን አርሶ አደሩ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ባዶ መጋዘን ነው።