ለመግዛት ወክለህ፣ «ለመሸጥ» የሚለውን ማን አስገባው?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡና አንብቡት።

ነቀምት ውስጥ «ዘመዷ ከዳት» የሚል ወሬ ያልሰማ የለም። ከጊምቢም፣ ከነጆም፣ ከደምቢ ዶሎም የሚመጣው ወሬ ያው ነው። ልጅ ውጭ ሆኖ ብር ይልካል፣ ወንድም ወይም አጎት በውክልና ቤት ይገዛል፣ ከዓመታት በኋላ ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ሁላችንም ከንፈራችንን እንመጥና «ዘመኑ ከፋ» ብለን ወደየቤታችን እንገባለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘመኑን ተዉት። መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው።

እስቲ ውጭ ያላችሁ የላካችሁትን የውክልና ቅጂ አውጡና አንብቡት። አብዛኛው እንዲህ ይላል፦ «በስሜ ቤትና ቦታ እንዲገዛ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ገንዘብ እንዲቀበል፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ ሌላ ወኪል እንዲወክል...» እያለ ይቀጥላል። አንተ የፈለግከው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር፤ እንዲገዛልህ። የቀሩትን ማን አስገባቸው? ጸሐፊው ከድሮ ፎርም ገልብጦ ነው። ደላላው «ለማንኛውም ይጨመርበት፣ ኋላ እንዳትቸገሩ» ብሎ ነው። ዘመድ ደግሞ «እንዲህ ካልተጻፈ ቢሮ አይቀበለውም» ብሎ በዋትሳፕ ልኮልህ ነው። አንተም ከሥራ ሰዓት ሰርቀህ ቆንስላ ሄድክ፣ ሳታነብ ፈረምክ፣ ወጣህ።

እኔ የሲቪክስ መምህር እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሞ ያለ መጽሐፍ ነው፤ ከፍቶ ማንበብ አይከለከልም። ስለ ውክልና የሚለውን ሳነብ በጣም የገረመኝ ነገር አለ። ሕጉ እኮ ለወካዩ በሩን ቆልፎለታል! «ጠቅላላ ውክልና» የምንለው ነገር ሰፈር ውስጥ እንደሚወራው ሁሉን የሚያስደርግ አይደለም። አንቀጽ 2203 እና 2204 እንደሚሉት ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ በስጦታ ለመስጠት ግን አንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ዝም ብትል ሕጉ ራሱ ይጠብቅህ ነበር ማለት ነው። «ለመሸጥ» የሚል ቃል ባታስገባ ወኪልህ ቤትህን መሸጥ አይችልም። ያንን ቁልፍ የከፈትከው አንተ ነህ፣ በገዛ ፊርማህ፣ ያውም ተሰልፈህ የአገልግሎት ክፍያ ከፍለህ።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንም ያለችበትንም አገር አልጠቅስም። የድሮ ተማሪዬ ናት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመት ሆናት። በ2010 ዓ.ም. ነቀምት ውስጥ 200 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት በ900 ሺህ ብር ተገኘላት። ውክልናውን ለአጎቷ ላከች፤ ከላይ የጻፍኩትን ዓይነት ረጅም ወረቀት። አጎትየው መጀመሪያ ላይ የሠራው ሥራ ምንም አይወጣለትም። ቤቱን በእሷ ስም ገዛ፣ ስሙን አዛወረ፣ ካርታው በስሟ ወጣ፣ ፎቶ አንስቶ ላከላት። ቤተሰቡ ሁሉ መረቀው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ ተገዝቶ ሲያልቅ የውክልናው ሥራም አልቋል። ወረቀቱ ግን አላለቀም። ዋናው ቅጂ አጎትየው ሳጥን ውስጥ ከካርታው ጋር ተቀምጧል። ቀን ሳይገደብለት፣ ቤት ሳይጠቀስበት፣ «እንዲሸጥ» እንደሚል አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ አጎትየው ቡና ንግድ ገብቶ ከሰረ፣ አበዳሪ በሩ ላይ ቆመ። ያን ሳጥን ከፈተ። የሸጠው ለማያውቀው ሰው ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ውሉ በሚመለከተው አካል ፊት ተፈርሞ፣ ስም ተዛወረ። እሷ የሰማችው ከጎረቤት ነው፤ «ቤትሽን ቀለም እየቀቡት ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ደወለችላት።

ጠበቃ ሲያማክሩላት የተነገራት አጭር ነው። ገዢው ምን አጠፋ? ውክልናውን አይቷል፣ ያልተሻረ ነው፣ «እንዲሸጥ» ይላል። ውሉን ያጸደቀው ሠራተኛስ ምን አጠፋ? ቃሉ መኖሩን አይቶ ነው ያለፈው። የሚቀራት አጎቷን ተጠያቂ ማድረግ ነው፤ ወኪል የተቀበለውን ገንዘብ ለወካዩ የማስረከብና ሒሳብ የማሳየት ግዴታ አለበት። ግን ብሩ ለአበዳሪ ሄዷል። ባዶ ኪስ ላይ ፍርድ ብታገኚ ምን ይሆናል? ያቺ ቃል ባትኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ ነበር፤ ወኪል ከሥልጣኑ ውጭ የፈጸመውን ሥራ ወካዩ አልቀበልም የማለት መብት አለው፣ አንቀጽ 2190። አያችሁ አይደል፣ ሰባት ዓመት ልፋት በአንዲት ቃል ላይ ነው የተንጠለጠለው።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «መምህር፣ ወንድሜን ላላምን ነው እንዴ? እንዲህ ያለ ወረቀት ብልክለት ይቀየመኛል።» ይህ «ይቀየመኛል» የሚሉት ነገር ነው የጨረሰን። እኔ ወንድምህን አትመን አላልኩም። እንደውም ወንድምህ ጻድቅ ነው እንበል። ጻድቁ ወንድምህ ለፎርማሊቲ ብሎ፣ ሥራው እንዲቀለው ብሎ፣ ቤቱን በራሱ ስም ገዛልህ። «ስትመጣ አዛውርልሃለሁ» አለህ፤ ከልቡም ነው። በሕጉ ግን በራሱ ስም የተዋዋለ ወኪል የውሉ ባለመብት ራሱ ነው፤ ሻጩ ወኪል መሆኑን ቢያውቅ እንኳ፣ አንቀጽ 2197። ወንድምህ ነገ አደጋ ቢደርስበትስ? ቤቱ በስሙ ነው፤ በትዳር ውስጥ የተገዛ ስለሆነ የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል፣ ግማሹ ለሚስቱ፣ ቀሪው ለልጆቹ ውርስ ይሆናል። ሚስቱም ልጆቹም ሌባ አይደሉም። በወረቀት ያለውን ነው የያዙት። ውክልናውም ቢሆን እሱ ሲሞት አብሮ ያበቃል። ስለዚህ ጥንቃቄ የምታደርገው ክፉ ዘመድ ስላለህ ብቻ አይደለም፤ ደግ ዘመድም ይሞታል፣ ይከስራል፣ ይፋታል።

ሌላው ደግሞ «በየቀኑ እየደወልኩ እከታተላለሁ» ይላል። ወለጋ መሆናችንን ረሳችሁት? በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥብን ውጭ ያለው ሰው የእናቱን ድምፅ እንኳ መስማት አልቻለም። መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ስልክ ሲጠፋ ሥራውን የሚሠራው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ያልከውን ሳይሆን የተጻፈበትን ነው የሚያደርገው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ለመግዛት የሚሰጥ ውክልና አጭር መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ነገር ይበቃዋል፦

«ነቀምት ከተማ፣ በዚህ ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥሩ ይህ የሆነ፣ ስፋቱ ይህን ያህል ካሬ ሜትር የሆነውን የእገሌን ቤት፣ ከዚህን ያህል ብር በማይበልጥ ዋጋ፣ በእኔ ስም ብቻ እንዲገዛ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ስመ ሀብቱን በስሜ እንዲያዛውር፣ ካርታውን እንዲረከብ ወክዬዋለሁ። ይህ ውክልና ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝም ሆነ ሌላ ሰው ለመወከል ሥልጣን አይሰጥም። እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ ይሠራል።»

በቃ። ቤቱ ገና ካልተገኘ ውክልናው ገና አይላክ። መጀመሪያ ዘመድህ ቤቱን ይፈልግ፣ የካርታውን ኮፒ ይላክልህ፣ አንተን የማያውቅ ሌላ ሰው ደግሞ ከተማው መሬት አስተዳደር ሄዶ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ያጣራ። ከዚያ ነው ወረቀቱ የሚጻፈው። ብሩንም ለወኪሉ አትላክ፤ ከተቻለ በባንክ በቀጥታ ለሻጩ ይግባ። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተፈረመ ውክልና እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል፤ የከተማችን ቢሮ ሥራ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ይተረጎማል። ትርጉሙንም ጠይቀህ አንብበው። አማርኛው ላይ የሌለ ሥልጣን ትርጉሙ ላይ እንዳይጨመር።

አንድ ነገር ግን ማንኛውም ውክልና አያድነውም። ከተማ ዳር «የገበሬ መሬት በርካሽ አለ፣ ኋላ ካርታ ይወጣለታል» የሚሉህን አትስማ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የማይሸጥ ነገር ለመግዛት ውክልና ብትልክ የላክኸው ብርህን ለማጣት ነው።

ረጅሙን ወረቀት ከዚህ በፊት የላካችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሻሩት። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፣ ወረቀቱም እንዲመለስለት ማስገደድ ይችላል፣ አንቀጽ 2226። ግን «ሽሬብሃለሁ» ብሎ በስልክ መናገር አይበቃም። ወረቀቱ እጁ ላይ ካለ ገዢ በምን ያውቃል? መሻሪያው በጽሑፍ ሆኖ እንደ ውክልናው ተረጋግጦ ይምጣ፤ ለወኪሉ ይድረሰው፤ አንድ ቅጂ ውክልናው የተመዘገበበት ቢሮ፣ አንድ ቅጂ ቤቱ ያለበት ከተማ መሬት አስተዳደር ፋይል ውስጥ ይግባ፣ የገባበት ቁጥርና ማኅተም ይላክላችሁ። ዋናው ውክልናና ካርታው አንድ ሰው እጅ ላይ አብረው አይቀመጡ። ካርታው እናት ጋ፣ ካልሆነ ባንክ ይቀመጥ።

ለእኛ ለአገር ቤቶቹም አንድ ቃል። ወንድማችን አጭር ውክልና ሲልክልን «አላመነኝም» ብለን ሽማግሌ ፊት የምናማርር እኛ ነን። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ቤት ሊገዛለት ብቻ የተላከ ሰው «እንዲሸጥ» የሚል ቃል ለምን ያስፈልገዋል? ቃሉ ባለመኖሩ የተቀየመ ካለ፣ ያንን ሰው ነው መጠርጠር። የታመነ ዘመድ ራሱ ደውሎ «ይህን ቃል አውጣው፣ ነገ በእኔ እንዳይመጣ» ማለት አለበት።

ተማሪዎቼ፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ሌላ ነገር ሳይሠራ የውክልናውን ኮፒ ፈልጎ «መሸጥ» የሚለውን ቃል ይፈልግ። ካገኘ ኮሜንት ላይ አይጻፍልኝ፤ መጀመሪያ ቆንስላ ይቅጠር። ውክልና ሊልክ የተዘጋጀ ሰው የምታውቁ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ይህን ላኩለት።