ስክሪንሾት ውስጥ ያለ አማርኛ፦ «ሸጡ» እንዴት «ሸጠ» ይሆናል?

ከአገር ቤት የሚላክልን ወረቀት ዛሬ በፖስታ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። የወረዳ ደብዳቤም ሆነ የውርስ ስምምነት በስልክ ፎቶ ይነሳና በቴሌግራም ይላካል፤ የተቀበለው ሰው ደግሞ ስክሪንሾት አድርጎ ለሌላው ያስተላልፈዋል። እዚህ ኮሎምበስ ስንደርስ ወረቀቱ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ለኢሚግሬሽን የሚቀርብ የአማርኛ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊኖረው ይገባል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ገጽ በፊደል ከመልቀም ይልቅ ጽሑፉን ከሥዕሉ ላይ አውጥቶ ኮፒ ማድረግ።

ስልኩም የሚችል ይመስላል። በአይፎን ላይ ከ2021 ጀምሮ ላይቭ ቴክስት የሚባል አገልግሎት አለ፤ ሥዕል ላይ ያለ ጽሑፍ ላይ ጣትዎን ጫን ሲያደርጉ እንደ ተራ ጽሑፍ ይመረጥልዎታል። ዊንዶውስም የራሱ አለው። ችግሩ እነዚህ አብረው የሚመጡት አንባቢዎች የሚያውቁት የተወሰኑ ቋንቋዎችን ነው፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስም አማርኛ ከዝርዝራቸው ውስጥ የለም። ፕሮግራሙ ግን «ይህን ፊደል አላውቅም» ብሎ አይነግርዎትም። ወይ የማያውቀውን ዘሎ የሚያውቀውን ብቻ ያወጣል፣ ወይ ደግሞ በሚያውቀው ፊደል ይገምታል። ለእሱ ሀ ማለት U ነው፣ ሠ ማለት W፣ በ ማለት n፣ ጠ ማለት m፣ ዐ ማለት O። እንዲህ የተዥጎረጎረ ነገር ካዩ ቢያንስ መሳሳቱ ግልጽ ነው። ክፉው የመጀመሪያው ነው፤ ቀኑ፣ የብሩ መጠንና ስልክ ቁጥሩ በትክክል ይወጡና በመካከላቸው የነበረው ዓረፍተ ነገር ይጠፋል። በችኮላ ለሚያይ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስላል።

አማርኛ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ግን አሉ። ከሁሉ ቀላሉ በኮምፒውተር ላይ ሥዕሉን ጉግል ድራይቭ ውስጥ ማስገባት፣ በቀኝ በኩል ጠቅ ማድረግና `Open with` ከሚለው ሥር `Google Docs` የሚለውን መምረጥ ነው። ሥዕሉ ከላይ፣ የወጣው ጽሑፍ ከሥሩ ሆኖ ይከፈታል። ሰነዱን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ለማይፈልግ ደግሞ ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ይሠራል። የአማርኛ ፋይሉ ከተጫነለት በኋላ ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፦

```
tesseract debdabe.png wutet -l amh+eng
```

`debdabe.png` የሥዕሉ ስም ነው፤ ውጤቱ `wutet.txt` በሚል ፋይል ይቀመጣል። `amh` አማርኛውን፣ `eng` እንግሊዝኛውን ይወክላል። ደብዳቤው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ስም እንኳ ካለ ሁለቱንም ይጻፉ፤ አለዚያ እንግሊዝኛውን በግድ ፊደል ሊያደርገው ይሞክራል።

ታዲያ እነዚህም ይሳሳታሉ፤ ስህተታቸው ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ለማየት ያስቸግራል። ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤት አሉኝ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ስለ ወላጆቻቸው ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በስክሪንሾት ደርሷቸው ነበር። ስለ አንዲት አክስታቸው የሚናገረው መስመር ወረቀቱ ላይ «ድርሻቸውን ለወንድማቸው ሸጡ» ይላል። ከሥዕሉ የወጣው ጽሑፍ ግን «ድርሻቸውን ለወንድማቸው ሸጠ» ሆኗል። የመጀመሪያው አክስትየዋ ራሳቸው የገዛ ድርሻቸውን ሸጡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሌላ ሰው የእሳቸውን ድርሻ ሸጠባቸው እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ባለቤቱ ራሱ ይቀየራል። ፊደል አራሚ ፕሮግራምም አይደርስበትም፤ «ሸጠ» ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ነውና።

ምክንያቱ ፊደላችን ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ አንባቢው የሚለየው ሃያ ስድስት ፊደላትን በትልቁና በትንሹ ነው። በእኛ ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ብናባዛ 231 ይመጣል፤ እነ ሏ እና ቷ ሳይቆጠሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ጡ ከጠ የሚለየው ቀኝ እግሩ ወገብ ላይ በወጣችው ጭረት ነው። ቲ እና ቴ ደግሞ ከታች በቀኝ በኩል ይለያያሉ፤ አንዱ ጭረት፣ አንዱ ቀለበት አለው። ቀለበቷ ስትደፈን «ቤቴ» «ቤቲ» ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ ማን እንደሠራ፣ የማን እንደሆነ የሚነግረን ብዙ ጊዜ የቃሉ መጨረሻ ነው፤ «እሳቸው» ወይም «እሱ» ብለን ለብቻ አንጽፍም።

እስቲ በቁጥር እንየው። የስልኩ ስክሪን ወርድ 1080 ነጥብ ነው እንበል። የደብዳቤው ገጽ በሙሉ ወርዱ ስክሪኑ ላይ ቢታይና አንዱ መስመር ከክፍት ቦታው ጋር 60 ያህል ፊደል ቢይዝ፣ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 18 ነጥብ ነው። የጡ ጭረት ከዚያ ውስጥ ሁለት ነጥብ ብታገኝ ነው። ሥዕሉ በቴሌግራም ሲተላለፍ በግማሽ ካነሰ ፊደሉ 9 ነጥብ፣ ጭረቷ አንድ ነጥብ ትሆናለች፤ ያቺም ከወረቀቱ ግራጫ ጋር ትቀላቀላለች። ጉግል ለዚህ ሥራ ፊደሉ ቢያንስ 10 ነጥብ ቁመት ይኑረው ይላል፤ ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል፣ ለእኛ ግን ከ25 በታች አላምነውም።

ስለዚህ ትልቁ መፍትሔ ያለው ከፕሮግራሙ በፊት ነው። ላኪውን ፎቶውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክልዎት ይጠይቁት፤ ቴሌግራም ላይ በማያያዣዋ ምልክት በኩል `File` የሚለውን መምረጥ ነው፤ ያኔ ሥዕሉ አይጨመቅም። ያ ካልተቻለና ስክሪንሾት ግድ ከሆነ፣ ገጹን በሙሉ አያንሱ። መጀመሪያ በሁለት ጣት ያስፉት፣ ከዚያ በግማሽ በግማሽ ያንሱት። የእትዬን ደብዳቤ ዋናውን ፎቶ አስልከን በአራት ቁራጭ ስናነሳው «ሸጡ» «ሸጡ» ሆኖ ወጣ። የደበዘዘውን ስክሪንሾት በኋላ ማተለቅ ግን ብዙም አይረዳም፤ የጠፋች ጭረት በማተለቅ አትመለስም። ማኅተም ያረፈበት መስመርና በእጅ የተጻፈ ነገር ደግሞ በምንም ቢያነሱት ተስፋ አይጣልበትም፤ በእጅዎ ይልቀሙት።

ከዚያ ማጣራቱ ይመጣል። በወጣው ጽሑፍ ውስጥ በመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል ይፈልጉ፤ አማርኛ ቃል መሀል U ወይም O ከተገኘ ያ መስመር እንዳለ ይጠረጠራል። አራት ነጥቡም በሁለት ጥንድ ነጥብ ተተክቶ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ጉዳት የለውም። ቀጥሎ ግሶቹን ብቻ እየለዩ፣ የመጨረሻ ፊደላቸውን ሥዕሉን አስፍተው ያስተያዩ። ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ከሥዕሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው ከስክሪኑ ቢከተል ይፈጥናል። ስም ላይ ሲደርሱ ግን ድምፅ አይበቃም፤ ፀሐይ እና ጸሃይ ሲነበቡ አንድ ናቸውና ፊደል በፊደል ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ላይ በ«ጸሃይ» ቢፈልጉም «ፀሐይ»ን አያመጣልዎትም።

እትዬ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች በእኔ ስክሪን አላመኑም። መነጽራቸውን አድርገው ከዋናው ፎቶ ላይ ራሳቸው አነበቡልኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ማኅተሙ ያረፈው እነሱ ላይ ነበር።