የምስጋና ኢሜይል መቼ ይላክ?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ካላችሁ አንድ ቀን «ኢንተርንሺፕ ተመደብኩ» የሚል ስልክ ይደርሳችኋል። የኛዎቹ የምዕራብ ሐረርጌ ልጆች አንዱ ጭሮ ሆስፒታል፣ አንዱ መቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ሌላዋ ሂርና ወይም ገለምሶ ላይ በሚሠራ ሕንፃ ትመደባለች። ወራቱ ይሮጣሉ። በመጨረሻው ቀን እጅ ተነሥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቡና ተጠጥቶ መለያየት ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ለሱፐርቫይዘሩ የምስጋና ኢሜይል መጻፍ። ብዙ ልጆች ይህን ይዘሉታል፤ የሚጽፉትም ብዙ ጊዜ ያለ ጊዜው ይልኩታል።

«ፊት ለፊት አመስግናው የለ እንዴ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አመስግናዋለች። ነገር ግን ሱፐርቫይዘር እንደ ጎረቤት አንድ ቦታ አይቀመጥም። የሕንፃ ሥራ መሐንዲስ ጭሮ ላይ ያለው ሥራ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ይዛወራል ወይም ለትምህርት ይወጣል። ስልክ ቁጥርም ይቀየራል። ከዓመት በኋላ ልጃችሁ ሥራ ስታመለክት ቀጣሪው «ከዚህ በፊት አብራችሁ የሠራችሁትን ሰው ጥቀሱ» ይላታል። በዚያን ጊዜ ያ ሰው በየዓመቱ ከሚመጡለት ተማሪዎች መካከል እሷን ለይቶ ማስታወስ አለበት። በቃል የተባለ ምስጋና ይረሳል፤ ኢሜይል ግን ስሟን ጽፎ ሲፈልግ ይገኛል። ስለዚህ ልጃችሁ ከመለያየቷ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ሳይሆን የግል ኢሜይሉን ትጠይቅ። የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ሰውየው ሲለቅ አብሮ ይቀራል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ልምምዱ ሲያልቅ ድርጅቱ የተማሪዋን የውጤት መስጫ ቅጽ ሞልቶ፣ ማኅተም አድርጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በታሸገ ፖስታ ለዩኒቨርሲቲው ይልካል። ያ ቅጽ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ የሚደርስ የምስጋና ኢሜይል፣ የቱንም ያህል ከልብ ቢሆን፣ «ውጤቴን አደራ» የሚል ድምፅ አለው። ስጦታም እንዲሁ ነው። ወላጅ በቅንነት የላከው ማርም ሆነ ቡና ቅጹ ሳይሞላ ከደረሰ ሱፐርቫይዘሩን ያሳፍረዋል፤ ልጅቷ በላቧ ያገኘችውን ውጤትም ለሐሜት ይዳርጋል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ ፖስታው ይታሸግ፣ ይላክ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ኢሜይሉ ይጻፍ። ከወር በላይ ከቆየ ደግሞ ልጅቷም ሰውየውም ዝርዝሩን ይረሳሉ።

ምን ይጻፍ? አንዲት የሂርና ልጅ እናስብ። ሲቪል ምህንድስና ታጠናለች፤ ለአራት ወር ጭሮ ከተማ ውስጥ ባለ የሕንፃ ሥራ ላይ ነበረች። ኢሜይሏ ይህን ይመስላል።

«ርዕስ፦ ምስጋና፣ ከጭሮው ሕንፃ ኢንተርን

ለተከበሩ ኢንጂነር እገሌ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከየካቲት እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. በጭሮው ሕንፃ ሥራ በእርስዎ ሥር ኢንተርን ሆኜ የሠራሁት እገሊት ነኝ።

የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ሠራተኞቹ አርማታው ደረቀ ብለው ውሃ ሊጨምሩ ሲሉ እርስዎ አስቆሙና ስላምፕ ቴስቱን እኔ እንድሠራ አደረጉ። ሲወርድ የታየውን ልኬትም ለፎርማኑ እኔ እንድናገር ተዉልኝ። 7 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ውሃ አላስፈለገውም። ያን ቀን ሁሉም እያየኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ «መሰለኝ» አልልም፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም በዚሁ ርዕስ ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ።

የሙከራ መዝገቡን እስከ መጨረሻው ቀን ሞልቼ ለፎርማኑ አስረክቤአለሁ። ለእርሳቸውና ለፌራዮዎቹም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ፣ እገሊት»

ይኸው ነው። ስልክ ላይ አንዴ በጣት ተገፍቶ የሚያልቅ ነው። እንዲህ አጭር ሆኖ ለምን እንደሚሠራ እንይ።

ዋናው የስላምፕ ቴስቱ ታሪክ ነው። የሕንፃ ሥራ ለማያውቅ አንባቢ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ የብረት ሾጣጣ በሦስት ዙር በአርማታ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፤ ከዚያ ሾጣጣው ቀስ ብሎ ሲነሣ አርማታው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ብዙ ከወረደ ቀጥኗል፣ ምንም ካልወረደ ደርቋል ማለት ነው። ውሃ መጨመር ለሠራተኛው ሥራውን ያቀልለታል፤ አርማታው ሲደርቅ ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። ልጅቷ ይህን ሁሉ አላብራራችም፤ ኢንጂነሩ ያውቀዋልና። ያንን ቀን ብቻ አስታወሰችው። «ላደረጉልኝ ሁሉ፣ ላካፈሉኝ ሰፊ ልምድ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ያ ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ተማሪና ለየትኛውም ሱፐርቫይዘር ይሆን ነበር። ኢሜይሉ ደካማ መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው፤ የሰውየውን ስም አውጥታችሁ የሌላ ሰው ስም ብታስገቡበት ምንም ካልተለወጠ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ምስጋና ብቻውን ቃል ነው፤ «ሞልቼ አስረክቤአለሁ» የሚለው ግን ሥራ ነው። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ኢንተርን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ ኢንጂነሩም የሚፈልገው ወረቀት የት እንዳለ ያውቃል። ይህ መስመር እውነት መሆን እንዳለበት ግን ግልጽ ነው። ያላስረከበችው ነገር ካለ መጀመሪያ ታስረክብ።

ሦስተኛው አጠራሩ ነው። በሐረርጌ ከተሞች «አንተ» እና «አንቺ» የቅርበት ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነው። የጭሮ ልጅ አዋቂውን ሰው «አንተ» ሲል ንቀት የለበትም። ከጎጃም ወይም ከሸዋ የመጣ ሱፐርቫይዘር ግን በወረቀት ላይ ሲያየው ሌላ ሊመስለው ይችላል፤ ድምፅና ፈገግታ ከጽሑፍ ጋር አይላኩምና። ስለዚህ በንግግር «አንተ» የተባባሉ ቢሆንም በኢሜይሉ «እርስዎ» ይሻላል። ከተጀመረ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይያዝ። ብዙ ልጆች «እርስዎ» ብለው ጀምረው በሦስተኛው መስመር «አሳየኸኝ» ይላሉ፤ ከመላኩ በፊት ግሶቹን አንድ በአንድ ማየት ነው። ከሱፐርቫይዘሩ ጋር በአፋን ኦሮሞ ስትነጋገር የነበረች ልጅ ደግሞ በዚያው ትጻፍ። በቀልድም በቁጣም ሲያርማት የነበረው ቋንቋ ያ ነው፤ እዚያም ለአንድ ሰው በአክብሮት «ገለቶማ» ማለት አለ። በእንግሊዝኛ የምትጽፍ ከሆነ አንድ ነገር ትጠንቀቅ፤ የውጭ አገር ናሙና ገልብጠው «ሚስተር» ብለው የአባቱን ስም የሚጽፉ አሉ። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ በአባቱ ስም የተጠራው ኢንጂነር ኢሜይሉ የመጣው ለአባቱ ይመስለዋል።

አራተኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው። «2016» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ በኋላ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወስዶ ልምምዱን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። «ዓ.ም.» የሚለው ሁለት ፊደል ይህን ያድናል፤ በእንግሊዝኛ ከሆነም እ.ኤ.አ. 2024 ተብሎ ተቀይሮ ይጻፍ።

በኢሜይሉ ውስጥ የሌለውንም ልብ በሉ። ሥራ አልለመነችም፤ የድጋፍ ደብዳቤም አልጠየቀችም። ምስጋናና ልመና በአንድ ገጽ ከሆኑ አንባቢው የሚያስታውሰው ልመናውን ነው። የሆስፒታል ልምምድ ላይ የነበሩ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቀሩ፤ የበሽተኛ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ፎቶ ለማስታወሻ እንኳን ቢሆን በኢሜይል አይላክም።

ኢሜይል የማይከፈትበት መሥሪያ ቤትም አለ። በአንዳንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሥራው የሚሄደው በስልክና በቴሌግራም ነው። እዚያ ያው ጽሑፍ በቴሌግራም ይላክ፤ ወይም ታትሞና ተፈርሞ በእጅ ይሰጥ። ኢሜይሉንም የላከች ልጅ «ኢሜይል ልኬልዎታለሁ» የሚል አንድ አጭር መልእክት በስልክ ብታክል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን ዝም ማለት ነው። መልስ ካልመጣ አልተናቀችም፤ ሰውየው ሌላ ሶሌታ እየሞላ ይሆናል። «ደረሰዎት ወይ?» ብሎ መወትወት ምስጋናውን ወደ ዕዳ ይለውጠዋል።

እናንተ ወላጆች አንዴ አንብቡላት እንጂ አትጻፉላት። አራት ወር አብሯት የዋለ ሰው የእሷን አነጋገር ያውቃል፤ የአባቷን አማርኛም በአንድ መስመር ይለየዋል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ደግሞ አዲስ ኢሜይል አትጻፍ። ያንኑ የምስጋና ኢሜይል ከፍታ በዚያው ላይ መልስ ትጻፍ፤ የምታመለክትበትን የሥራ መደብና ደብዳቤው የሚፈለግበትን ቀን ትንገረው። ኢንጂነሩ ጥያቄውን አንብቦ ወደ ታች ሲወርድ ስሟን፣ ወራቱን፣ ሕንፃውንና ያን የሶሌታ ቀን ያገኛል። «ይህቺ ልጅ ማን ነበረች?» ብሎ አይቸገርም፤ በደብዳቤው ላይ ምን ብሎ እንደሚመሰክርላትም ፊቱ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል።